የአራስ እናት አውራ ጣት፦ ብርድ፣ ወለምታ ወይስ አነሳስ?

እናትየዋ ሕመሟን የነገረችኝ ከልጇ ተነስታ አይደለም። ከጀበናው ነው የጀመረችው። «አቦሉን ቀዳሁ፣ ቶናውንም ቀዳሁ» አለችኝ፤ «በረካው ላይ ግን ጀበናው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።»

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ቦታ ከፍ ብሎ ካለ ሰፈር ነው የመጣችው። ከወለደች ሰባት ሳምንቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። አማቷ ሕፃኑን ታቅፈው አብረዋት መጥተዋል። የት እንደሚያማት ስጠይቃት ዙሪያውን አላሳየችኝም። የግራ እጇን ጠቋሚ ጣት አነሳችና በቀኝ እጇ ላይ አንዲት ነጥብ ነካች። ከአውራ ጣት ሥር ትንሽ ወደ ላይ፣ የእጅ አንጓው ጎን ላይ ጎላ ብሎ የሚዳሰሰው አጥንት ላይ። «እዚህ ጋ ነው። እዚህች ጋ ብቻ።»

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በአንዲት ጣት ጫፍ የሚጠቆም ሕመም ሥራዬን ያቀልልኛል። ይሄኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ከደሴ ብቻ ሳይሆን ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻም ይመጣል። ባለቤቶቹ በአብዛኛው ልጅ የወለዱ፣ ከወለዱም ከአንድ እስከ ሦስት አራት ወር የሆናቸው ሴቶች ናቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ ታዲያ ሕመሙ ሁለት ስም ወጥቶለት አልቋል።

አማትየዋ «ብርድ ነው» ይላሉ። አራስ ሳለች ቀዝቃዛ ውሃ ነክታለች፣ ብርዱ በእጇ ገባ። ጎረቤት ደግሞ «ወለምታ ነው» ትላለች። ስሙ ብቻውን ቢቀር ባልከፋ። ግን እያንዳንዱ ስም የራሱን ሕክምና ይዞ ይመጣል። ብርድ ከተባለ ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል፣ በነጠላ ይጠቀለላል። ወለምታ ከተባለ ወጌሻ ጋ ይኬዳል። ወጌሻው አውራ ጣቷን ይዞ ይስባል፣ ጠምዘዝ ያደርጋል፣ የሚያማትን ነጥብ ፈልጎ በአውራ ጣቱ ጠበቅ አድርጎ ያሻል። እኔ ያየኋት እናት ሦስት ጊዜ ሄዳለች። ከሦስተኛው በኋላ የልጇን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት።

ሐኪሞች ይህን ሕመም «ደ ኬርቫን» ብለው ይጠሩታል። ፍሪትዝ ደ ኬርቫን የሚባል የስዊዘርላንድ ቀዶ ሐኪም በ1895 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት ነው። ከዚያ በፊት እንግሊዞቹ ምን ይሉት እንደነበር ስሰማ ግን ሳቄ መጣ። «የልብስ አጣቢ ሴቶች ወለምታ» ነበር የሚሉት። የእኛ ጎረቤት ብቻዋን አልተሳሳተችም ማለት ነው። ልብስ ጨምቀው የሚውሉ ሴቶች ላይ ስለሚታይ ነው ያንን ስም ያገኘው። የጨርቅ ዳይፐር በእጇ አጥባ የምትጨምቅ የወሎ እናትም እዚያው መስመር ላይ ናት።

እስቲ እጃችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች በደንብ አርቁት፣ ወደ ላይም ቀና አድርጉት። ከአውራ ጣቱ ሥር ቆዳው ላይ ገመድ የመሰለ ነገር ይወጠራል። ወደ መዳፍ በኩል ያለው ገመድ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ጅማት ነው። ተጠጋግተው ስለሚሄዱ ነው አንድ የሚመስሉት። አንደኛው አውራ ጣትን ከመዳፍ ያርቃል፣ ሁለተኛው ቀጥ ያደርገዋል። በነገራችን ላይ አማርኛችን «ጅማት» የሚለውን ቃል ለብዙ ነገር ያውለዋል፤ ለነርቭም፣ ለደም ሥርም የሚሉ አሉ። እዚህ የምለው ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ጠንካራ ገመድ ነው።

ሁለቱ ጅማቶች ወደ ክንድ ሲሄዱ ያንን ጎላ ያለ አጥንት ይሻገራሉ። ከአጥንቱ እንዳይንሸራተቱ ደግሞ ላያቸው ላይ ጠንካራ ሽፋን ታስሮባቸዋል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ ዋሻ አስቡ። ወለሉ አጥንት ነው፣ ጣሪያው ሽፋኑ ነው። ገመድ የሚታሰር ሱሪ ታውቁ የለ? ገመዱ በወገቡ ስፌት ውስጥ ይመላለሳል። ስፌቱ ሰፋ ሲል ገመዱ እንደ ልብ ይሳባል። ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግን ገመዱ ይይዛል፤ ሲስቡትም ስፌቱን እየፋቀ ነው የሚወጣው። በእጅ አንጓ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ሽፋኑ ይወፍራል፣ ዋሻው ይጠባል፣ ጅማቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፋቃል።

ብዙ ጊዜ «የጅማት ሽፋን ብግነት» ሲባል ትሰማላችሁ። ስሙ ለንግግር ይበቃል። ግን በቀዶ ሕክምና የወጣው ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሲታይ በአብዛኛው የሚገኘው ትኩስ ብግነት ሳይሆን የተጎዳና የወፈረ ሽፋን ነው። ይህን የማነሳው ለምሁርነት አይደለም። እናትየዋ «የብግነት ኪኒን አሥር ቀን ዋጥኩ፣ ለምን አልዳንኩም?» ስትለኝ መልሱ እዚህ ስላለ ነው። ኪኒኑ ሕመሙን ሊያስታግስ ይችላል። የወፈረውን ግን አያሳሳውም፣ የሚያወፍረውንም ሥራ አያስቆምም።

የሚያወፍረው ሥራ የቱ ነው? ክፍሌ ውስጥ ባለ አምስት ኪሎ የዱቄት ከረጢት አለኝ። መሬት ላይ አስቀመጥኩትና «እስቲ ልጅሽን እንደምታነሺው አንሺው» አልኳት። እጆቿን በከረጢቱ ግራና ቀኝ ሰደደች። አራቱ ጣቶች ከኋላ፣ አውራ ጣቶቹ ከፊት፣ በደንብ ተራርቀው። ሕፃን ከብብቱ የሚያዘው እንዲህ ነው። ከዚያ ከፍ አደረገችው። ያን ጊዜ የከረጢቱ ክብደት እጇን ወደ ታች፣ ወደ ትንሿ ጣት በኩል አጎነበሰው። እኔም ጠቆምኳት፤ እሷም አየችው።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ጋ ነው። አውራ ጣት ተዘርግቶ ሲያዝ ሁለቱ ጅማቶች ተወጥረዋል። እጁ ወደ ትንሿ ጣት ሲያጎነብስ ደግሞ እነዚያው የተወጠሩ ጅማቶች በአጥንቱ ጠርዝ ላይ ይታጠፋሉ። የተወጠረ ገመድ፣ ጠርዝ፣ በላዩ ደግሞ አምስት ኪሎ። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም።

ስንት ጊዜ ነው ታዲያ? አብረን ቆጠርን። ሕፃኑ በቀንና በሌሊት አሥር ጊዜ ገደማ ይጠባል። ለእያንዳንዱ ማንሳትና ማስቀመጥ አለ፤ ሃያ ሆነ። ዳይፐር መቀየር፣ ማጠብ፣ ሲያለቅስ ማንሳት ሲጨመር ሠላሳ አምስት ደረስን። ሠላሳ አምስት ጊዜ አምስት ኪሎ አንድ መቶ ሰባ አምስት ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ከሰባ አምስት በየቀኑ! በሁለት እጅ ቢካፈልም፣ ለአንዲት ሁለት ሴንቲ ሜትር ዋሻ ቀላል አይደለም። አማትየዋ ይህን ሲሰሙ «ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትሠራው!» አሉ።

ታዲያ ስንት ልጅ ያሳደጉት አማት ለምን አልታመሙም? ራሳቸው ነበሩ የጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዱ መልስ የእርግዝናና የወሊድ ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ሆርሞኖችም ይለዋወጣሉ፤ ጠባቡ ዋሻ በዚህም የሚጨናነቅ ይመስላል። አንዳንዷ ገና እርጉዝ እያለች መታመም መጀመሯ ለዚህ ነው። ሽፋኑ ከተፈጥሮ ጠበብ ያለባት ሴትም አለች። ሌላው መልስ ግን እኔ ከቤታችን ኑሮ የማነበው ነው። በድሮው ወግ አራስ አርባ ቀን ትታረሳለች። እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሕፃኑን አንስቶ ያቀብላታል። እሷ ገንፎዋን ትበላለች፣ ታጠባለች። ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ቤት ያ ሰው የለም፤ ወይም አርባው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ልክ በዚያ ሰሞን ሕፃኑ ይከብዳል፣ ቤቱም እጇን ይፈልጋል። ጀሪካኑ፣ እጥበቱ፣ ምጣዱ። ሕመሙ ስድስተኛና ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ብቅ ማለቱ እኔን አይገርመኝም። በስድስተኛው ሳምንት እናትየዋ ልጇን ለክትባት ይዛ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። የሕፃኑ ክብደት ይመዘናል። ያንን ክብደት የተሸከመችውን እጅ ግን የሚጠይቅ ብዙም የለም።

ሕመሙን መለየት ከባድ አይደለም። አውራ ጣትን መዳፍ ውስጥ አስገብቶ በአራቱ ጣቶች መጨበጥ፣ ከዚያ ጭብጡን ቀስ ብሎ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ማጎንበስ ነው። ያችው የአጥንት ነጥብ ላይ እንደ ቢላ የሚወጋ ሕመም ከመጣ፣ ነገሩ እሱ ነው ለማለት ትልቅ ምልክት ነው። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ትንሽ መወጠር ይሰማዋል። ስለዚህ ሁለቱን እጅ ማወዳደር ያስፈልጋል፤ በጉልበት መጫንም አያስፈልግም። ሌላው ምልክት አውራ ጣትን «ጎበዝ» እንደሚባልበት ቀጥ አድርጎ ማቆምና ሌላ ሰው ወደ ታች ሲጫነው መግፋት ነው። ይህም እዚያው ነጥብ ላይ ያማል። ጀበና ማዘንበል፣ ቁልፍ ማዞር፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት፣ ጨርቅ መጭመቅ ሁሉም እዚያው ይወጋሉ።

የእጅ ሕመም ሁሉ ግን ይህ አይደለም። አራስ ሴት ሌሊት አውራ፣ ጠቋሚና የመሐል ጣቷ እየደነዘዘ የሚያባንናት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እሱ በእጅ አንጓ መሐል የሚያልፍ ነርቭ ሲጨናነቅ የሚመጣ ሲሆን ከወሊድ በኋላም የተለመደ ነው። በእጇ ተደግፋ ወድቃ ከሆነ ራጅ መነሳት አለባት፤ እዚያ አካባቢ ተሰብሮ ሳይታወቅ የሚቆይ ትንሽ አጥንት አለ። ቦታው ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳትም ካለ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የሁለቱም እጅ ብዙ መገጣጠሚያ አብጦ ጠዋት ጠዋት ለረጅም ሰዓት የሚደርቅ ከሆነም ደም መመርመር ያስፈልጋል። አንዳንድ የመገጣጠሚያ በሽታ ከወሊድ በኋላ ራሱን ይገልጣልና።

አሁን ወደ ወጌሻው ልመለስ። ወጌሻን ማናናቅ አልወድም። እውነተኛ ወለምታ ላይ እጃቸው የተባረከ ሰዎች አይቻለሁ። እዚህ ላይ ግን ሥራው ከሕመሙ ጋር ይጋጫል። አውራ ጣትን መሳብ እነዚያኑ ሁለት ጅማቶች መወጠር ነው። ነጥቡን ጠበቅ አድርጎ ማሸት ደግሞ የወፈረውን ሽፋን በአጥንቱ ላይ መፍጨት ነው። ላዩ ላይ ለስለስ ያለ የቅቤ እሽት ብዙ አይጎዳም፤ ደስ ካላት ትታሽ። ብቻ አይሳብ፣ አይጠምዘዝ፣ ነጥቡ አይጫን። በቀዝቃዛ ነገር መያዝም ከሚመከሩት አንዱ ነው። ግን አማትየዋ «በብርድ ላይ ብርድ!» ብለው ሲያፈጡብኝ ተውኩት። ሕመም ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ለሱ ብዬ ቤት ውስጥ ጸብ አልተክልም።

ጸብ ቢነሳ እንኳ የማልለቀው የአነሳሱን ነገር ነው። መዳፎች ወደ ላይ ይዞራሉ። አንደኛው እጅ ከሕፃኑ መቀመጫ ሥር ይገባል፣ ሌላው ከትከሻውና ከጭንቅላቱ ሥር። አውራ ጣቶች ወደ ጠቋሚ ጣት ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ አይዘረጉም፣ ምንም አይዙም። ክብደቱ የሚያርፈው በመዳፉና በክንዱ ላይ ነው። ከማንሳት በፊት ሕፃኑን ወደ ራስ ማስጠጋት ያስፈልጋል። እጅን ዘርግቶ ከሩቅ ማንሳት ክብደቱን ያበዛዋል። ከዚያ ደረት ላይ አስደግፎ በእግር ጉልበት መነሳት ነው።

ይህን በዱቄቱ ሳሳያቸው አማትየዋ ከተቀመጡበት ሆነው «ነዶ እንደምናቅፈው በለኛ!» አሉ። በትክክል። አጫጅ ነዶን በጣቱ ቆንጥጦ አያነሳም። ክንዱን ከሥሩ ሰድዶ ያቅፈዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሌሎች እናቶችም የማስተምረው በሳቸው ቃል ነው።

ፍራሹ መሬት ላይ ከሆነ አነሳሱ ይበላሻል። ጎንበስ ያለ ሰው ሳያስበው ወደ ብብት አያያዝ ይመለሳልና። እናትየዋ ቤት ሕፃኑ የሚተኛው መሬት ላይ ነበር። ቀን ቀን አልጋው ላይ ከግድግዳው በኩል እንዲሆን አደረጉ። ሲጠባም ልማዷ ነበረው። የልጁን ጭንቅላት በአውራና በጠቋሚ ጣቷ መሐል እንደ ሹካ ይዛ፣ እጇን አጥፋ ሃያ ደቂቃ ትቆያለች። ጭንቅላቱን ክርኗ እጥፋት ላይ አሳረፍነው፣ ከክንዷ ሥር ትራስ አስገባን። ሌሊት ደግሞ ጎኗን ተኝታ ብታጠባ እጇ ጨርሶ ያርፋል። በሌላኛው እጇ ስልክ ይዛ በአውራ ጣቷ ፌስቡክ ስትገፋም ነበር። ጥፋተኛው እሱ ነው ብዬ አልልም፤ የታመመን ጣት ማሠራቱ ግን አይቀርም።

ስለ አንቀልባ ሁሉም ይጠይቀኛል። ማዘል ራሱ ለእጅ አንጓ እረፍት ነው፤ ክብደቱን ጀርባና ትከሻ ይወስደዋል። አንገቱ ለጸና ልጅ ጥሩ ነው። ችግሩ ወደ ጀርባ የሚወጣበት ቅጽበት ነው። እናት ጎንበስ ብላ ልጁን ከብብቱ ይዛ ስትወረውረው አውራ ጣቷ ሙሉውን ክብደት ይይዛል። ስለዚህ ሰው ካለ ሰው ያሳዝላት። ከሌለ አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጣው፣ ጀርባዋን ሰጥታ ዝቅ ትበል።

ሁለተኛው ነገር ማሳረፊያው ነው። ፋርማሲ ስትሄዱ የእጅ አንጓ መደገፊያ ይሸጥላችኋል። እናትየዋም አንድ ክሊኒክ አዟት ገዝታለች። አውራ ጣቷን ግን ነፃ ይተወዋል! ለዚህ ሕመም እንዲህ ያለው ብዙም አይረባም፤ ማረፍ ያለበት አውራ ጣቱ ነውና። የሚያስፈልገው አንጓውንም አውራ ጣቱንም የሚይዝ፣ የጣቱን ጫፍ ብቻ ነፃ የሚተው ነው። ካልተገኘ ጀሶ የሚሠራ ባለሙያ በአንድ ጎን ብቻ የሚሆን፣ በፋሻ የሚታሰርና የሚወልቅ ነገር ሊያበጅ ይችላል። ለእሷም እንዲሁ ነው ያደረግነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይታሰራል። ለመታጠብና ጣትን ቀስ ብሎ ለማንቀሳቀስ በቀን ጥቂት ጊዜ ይወልቃል። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ በጣም ጠብቋል ማለት ነው። ቀን ላይ አላሠራ ካላት ቢያንስ ሌሊትና ዕረፍት ላይ ትሰር። አስራውም በብብት የምታነሳ ከሆነ ግን ማሰሩ ብዙ አይጠቅማትም።

ኪኒን ከተፈለገ አይቡፕሮፌን ለምታጠባ እናት ከሚመረጡት ነው፤ ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከምግብ ጋር፣ ለጥቂት ቀን። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ አስም ወይም ከእርግዝና ጋር የመጣ የደም ግፊት ያለባት ግን ሐኪም ሳትጠይቅ አትዋጥ። እርጉዝ እያለች የጀመራትም እንዲሁ። የሚቀባ ቅባት የምትጠቀም እናት ሕፃኑን ከመንካቷ በፊት እጇን ትታጠብ፤ የሕፃን አፍ የማይደርስበት የለም።

በዚህ ሁሉ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። የአራስነት ጊዜ ሕመም ከሌላው ሰው ይልቅ በራሱ የመልቀቅ ጠባይ አለው፤ ማጥባቱና ማንሳቱ ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። እናትየዋ በሁለተኛው ሳምንት ስትመለስ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ግራ እጇም ጀምሯት ነበር። እሱ በሦስተኛው ሳምንት ለቀቃት። ቀኙ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ስድስት ሳምንት አስራ፣ አነሳሷን ለውጣ፣ አሁንም ጭብጧን ሳጎነብሰው ትጮሃለች። ወደ አጥንት ሐኪም ላክኋት።

ሐኪሙ ሽፋኑ ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ወጋት። መርፌው ለብዙ ሰው በደንብ ይሠራል፤ አንዴ ይበቃል፣ አንዳንዴ ሁለተኛ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ሽፋኑ ውስጥ እንጂ ጅማቱ ውስጥ እንዳይገባ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። በአንዳንድ ሰው ዋሻው መሐሉ ላይ በቀጭን ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። መርፌው አንዱን ክፍል ብቻ ካገኘ ሌላኛው ማመሙን ይቀጥላል። ሳይሠራ ሲቀር አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ሕመሙ ሊብስ ይችላል። ስኳር ያለባት እናት ደግሞ ለጥቂት ቀናት ስኳሯ ከፍ ሊል ስለሚችል ቀድማ ትናገር።

ለእኛ ቆዳ በተለይ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። መርፌው ያረፈበት ቦታ ቆዳው ሊነጣ፣ ከሥሩ ያለው ስብም ሊሳሳ ይችላል። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቀድሞ ያልተነገራት ሴት ነጩን ስታይ ለምጽ መስሏት ትደነግጣለች። እኔ ነግሬያት ነበር፤ ያም ሆኖ ደንግጣለች።

መርፌውም ያልረዳት፣ ወራት ያለፋት ሴት በቀዶ ሕክምና ሽፋኑ ይከፈትላታል። ቦታውን ብቻ አደንዝዞ የሚሠራ አጭር ሥራ ነው። ጥንቃቄው ቆዳው ሥር ለሚያልፍ ቀጭን ነርቭ ነው፤ እሱ ከተነካ የአውራ ጣት ጀርባ ይደነዝዛል። እዚህ የሚደርሱ እናቶች ጥቂት ናቸው።

የእኔዋ አልደረሰችም። ከመርፌው በኋላ በአሥረኛው ቀን ገደማ ሕመሙ ቀለላት። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ልጁ አምስት ወር ሲሞላው ነው። አማትየዋ ልጁን ከሥሩ አቅፈው፣ እንደ ነዶ፣ ይዘውት ገቡ። እሷ እጇን ዘረጋችልኝ። አጥንቱ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነጣ ያለች ነጥብ ነበረች።

«ይለቃል?» አለችኝ።

«ወራት ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ላይለቅም ይችላል» አልኳት።

አማትየዋ ቀደሟት። «አብሽሪ፣ ነጩን ማን ያይብሻል። በረካውን ቀድተሽ ጨረስሽ አይደል?»

ጭብጧን አጎነበስኩት። ፊቷን ትንሽ አጨማደደችና «ይወጥረኛል እንጂ አይወጋኝም» አለች። ግራዋን ሳጎነብሰውም ያንኑ ያህል ወጠራት።